ጀጎል ውስጥ ሰው ይጠብቅዎታል

ነደባ የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያ፣ ሐረር
አራት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ቤተሰብ

እንኳን ደህና መጡ!

ይህ እኛ የምንኖርበት ቤት ነው። አያታችን እዚህ ተዳሩ፤ እኛም እዚሁ ተወልደን አደግን። ልጆች ከፍ ብለን አንዳንዶቻችን ወደ አዲስ አበባ፣ አንዷ እህታችን ደግሞ ወደ ቶሮንቶ ስንሄድ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። እናታችን ባዶ ክፍል አይወዱም። እንግዳ መቀበል የጀመርነው እንደዚህ ነው። ዛሬም ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ተነስተው በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።

ቤቱ ጌይ ጋር ነው፤ የሐረሪ ባህላዊ ቤት። ጫማዎን በር ላይ አውልቀው ሲገቡ በቀይ የተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ያያሉ። ነደባ የምንለው እነሱን ነው። ከፍ ያለው አሚር ነደባ ድሮ የአባወራው ቦታ ነበር። አሁን እንግዳ ነው የሚቀመጥበት፤ እናታችን ከዚያ ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ አይፈቅዱልዎትም። ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶች የሰፉት አያታችንና እናታችን ናቸው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ፣ በድሮ ጊዜ እዚያ ቤት ለመዳር የደረሰች ልጅ መኖሯን ያሳውቅ ነበር ይባላል። የቀዩን ቀለም ታሪክ ግን እኛ አንነግርዎትም። ቡና ሲፈላ እናታችንን ይጠይቋቸው፤ እንደሳቸው አድርጎ የሚተርከው የለም።

ለባልና ሚስት ክርታትን እንሰጣለን። ድሮ ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ትንሽ ክፍል ናት። ለሁለት ሰው ትበቃለች፤ ሻንጣ ከበዛ ሳሎን እናስቀምጥልዎታለን። ሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ሰፋ ያሉ ናቸው። መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ነው፤ የጋራ ነው። ሐረር ውስጥ ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ሮቶ አለን። እስካሁን እንግዳ ሳይታጠብ አላደረም፤ ቢሆንም ቆጠብ ቢያደርጉልን ደስ ይለናል።

ቁርስ ከአዳሩ ዋጋ ጋር ነው። ትኩስ ፈጢራ ከማር ጋር፣ ወይም ከእንቁላል ጋር፣ እንደ ምርጫዎ። ከዚያ ሆጃ ይመጣል፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ ማለት ነው። ቀምሰውት የማያውቁ ከሆነ አንድ ስኒ ይሞክሩ፤ ብዙ እንግዳ ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቃል። እራት የሚፈልጉ ከሆነ ጠዋት ይንገሩን። በረመዷን እኛ ብንጾምም የእርስዎ ቁርስ አይቀርም፤ ማታ ደግሞ ከእኛ ጋር እንዲያፈጥሩ ተጋብዘዋል። አልኮል መጠጥ ግን ቤቱ ውስጥ አናስገባም።

ከተማውን በእግር ነው የሚያዩት። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው ጥንታዊቷ ከተማ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግባለች፤ አምስቱም ጥንታዊ በሮች ከእኛ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ማኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ሲያልፉ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ይቀበልዎታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወንድማችን ጅቦች ወደሚመገቡበት ከግንቡ ውጭ ይወስድዎታል። ፈሪ ነኝ ካሉ ከኋላ ሆነው ማየት ይችላሉ፤ ማንም አያስገድድዎትም። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎችም ያሳይዎታል፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ። እኛ ልጅ ሆነን የማታ ጅብ ጩኸት እየሰማን ነው እንቅልፍ የሚወስደን። እርስዎም ይሰሙት ይሆናል፤ አይደንግጡ።

ለሸዋል ኢድ መምጣት የሚያስቡ ከሆነ ቀደም ብለው ይያዙ። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሁሉ የሚገቡት ያን ጊዜ ነው፤ ክፍል ቶሎ ያልቃል።

አዳር ለአንድ ሰው 1,200 ብር፣ ለሁለት 2,000 ብር ነው። ከ6 ዓመት በታች ልጅ አይከፍልም። «ክፍል ይያዙ» የሚለውን ይጫኑና የሚመጡበትን ቀንና የሰው ብዛት ይጻፉልን። መልሱን የምትጽፍልዎ ታናሽ እህታችን ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ትመልሳለች።

ከድሬዳዋ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ሆድዎን የሚረብሽዎት ከሆነ ፊት ለመቀመጥ ይሞክሩ። ሐረር ሲደርሱ በባጃጅ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይምጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ መኪና አይገባም፤ ለአዲስ ሰው ደግሞ ያሳስታል። ፈረስ መጋላ ሆነው ይደውሉልን። ወንድማችን መጥቶ ሻንጣዎን ይቀበልዎታል።