የውጭ አቅራቢ ኢንቮይስ ቁጥር 417 እና የክፍያ መዝጊያ የምንዛሪ ልዩነት መግለጫ

ክፍል አንድ፦ ኢንቮይስ (ለሂሳብ ሰነዳችን ወደ አማርኛ የተመለሰ)

ኢንቮይስ ቁጥር፦ 417
ቀን፦ ሰኔ 11 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ. 18/06/2024)
ሻጭ፦ በሕንድ፣ ታሚል ናዱ፣ ኮይምባቶር የሚገኘው የመፍተያ ማሽን መለዋወጫ አምራች
ገዢ፦ ኮምቦልቻ የሚገኘው የክር ፋብሪካችን
የሽያጭ ውል፦ ዋጋና የባሕር ማጓጓዣ እስከ ጂቡቲ ወደብ፤ መድን በገዢ
መጫኛ ወደብ፦ ቼናይ
የክፍያ ውል፦ 20 በመቶ በቅድሚያ፤ 80 በመቶ ከጭነት ሰነዱ ቀን አንስቶ በ90 ቀን በሚከፈል ድራፍት
ገንዘብ፦ የአሜሪካ ዶላር

| ዕቃ | ብዛት | የአንዱ ዋጋ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ስፒንድል | 700 | 14.00 | 9,800 |
| ሪንግ | 1,200 | 2.50 | 3,000 |
| ትራቨለር (በሳጥን) | 200 | 9.00 | 1,800 |
| አፕረን | 4,000 | 0.60 | 2,400 |
| የላይ ሮለር | 300 | 18.00 | 5,400 |
| የዕቃ ድምር | | | 22,400 |
| የባሕር ማጓጓዣ | | | 1,600 |
| ጠቅላላ | | | 24,000 |

በቅድሚያ የተከፈለ፦ 4,800 ዶላር
ቀሪ ዕዳ፦ 19,200 ዶላር (አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ)
የጭነት ሰነድ ቀን፦ ሰኔ 13 ቀን 2016
የድራፍቱ መክፈያ ቀን፦ መስከረም 8 ቀን 2017

ክፍል ሁለት፦ የክፍያ መዝጊያ መግለጫ

ቀን፦ መስከረም 10 ቀን 2017
ከ፦ ሂሳብ ክፍል
ለ፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለውስጥ ኦዲት፣ ለግዢ ክፍል

ጉዳዩ፦ የኢንቮይስ ቁጥር 417 ቀሪ ዕዳ መዘጋትና የ1,067,520 ብር የምንዛሪ ኪሳራ

ድራፍቱ በቀኑ ተከፍሏል። ባንኩ የላከው የዴቢት ማስታወቂያ 19,200 ዶላር በ114.20 ብር ተሰልቶ 2,192,640 ብር ከሂሳባችን መነሣቱን ያሳያል። የባንኩ አገልግሎት 21,450 ብር ነው። ይህ ከምንዛሪ ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው በባንክ ወጪ መደብ ለብቻው ተመዝግቧል። ከሂሳባችን በድምሩ 2,214,090 ብር ወጥቷል።

ትናንት በስልክ «መዝገባችን ላይ አንድ ሚሊዮን ከመቶ ምናምን ሺህ የነበረ ዕዳ እንዴት በሦስት ወር እጥፍ ሆነ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አቅራቢው ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረብንም። በሰኔ የጠየቀው 19,200 ዶላር ነበር፤ በመስከረም የተቀበለውም ያንኑ ነው። የተለወጠው ብራችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ዕዳችን ገና አልተከፈለም ነበር።

አካሄዱ በቁጥር ይህን ይመስላል፦

| ቀን | ሁኔታ | ዶላር | ምንዛሪ | ብር |
|---|---|---|---|---|
| ግንቦት 12/2016 | ቅድሚያ ክፍያ | 4,800 | 58.10 | 278,880 |
| ሰኔ 13/2016 | ዕቃው ተጫነ፣ ዕዳው ተመዘገበ | 19,200 | 58.40 | 1,121,280 |
| ሰኔ 30/2016 | የበጀት ዓመት መዝጊያ | 19,200 | 58.60 | 1,125,120 |
| መስከረም 8/2017 | ክፍያ | 19,200 | 114.20 | 2,192,640 |

ከሰኔ 13 እስከ ሰኔ 30 ያለው ልዩነት 3,840 ብር ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ኪሳራነት ተይዟል። ከሰኔ 30 እስከ ክፍያው ቀን ያለው 1,067,520 ብር የ2017 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1,071,360 ብር ይሆናሉ።

ቅድሚያ ክፍያው ለምን በምንዛሪ ልዩነት ውስጥ እንዳልገባ የግዢ ክፍል ጠይቋል። 4,800 ዶላሩን ግንቦት ላይ ከፍለን ጨርሰናል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅብን ዶላር መላክ ሳይሆን ዕቃ መረከብ ነበር። ስለዚህ በ58.10 እንደተመዘገበ ይቆያል፤ ዶላር ቢወጣም ቢወርድም አይነካውም። በነገራችን ላይ፣ «በቅድሚያ ገንዘብ መላክ ምን አስቸኮላችሁ?» ተብለን የተተቸንበት ይህ ክፍያ ነበር።

የጆርናል ምዝገባዎቹ እነሆ፦

ሰኔ 13 ቀን 2016
ዴቢት፦ በጉዞ ላይ ያለ የመለዋወጫ ዕቃ — 1,400,160
ክሬዲት፦ ለአቅራቢ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ — 278,880
ክሬዲት፦ ለውጭ አቅራቢ ተከፋይ — 1,121,280

ሰኔ 30 ቀን 2016
ዴቢት፦ የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ — 3,840
ክሬዲት፦ ለውጭ አቅራቢ ተከፋይ — 3,840

መስከረም 8 ቀን 2017
ዴቢት፦ ለውጭ አቅራቢ ተከፋይ — 1,125,120
ዴቢት፦ የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ — 1,067,520
ዴቢት፦ የባንክ አገልግሎት ወጪ — 21,450
ክሬዲት፦ ባንክ — 2,214,090

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። ኪሳራው በመለዋወጫዎቹ ዋጋ ላይ ይደመር፣ በዚያም የክሩ ማምረቻ ወጪ ከፍ ብሎ ደሴ ለሚገኙ ደንበኞቻችን የምንሸጥበት ዋጋ ይሻሻል የሚል ሐሳብ ከሽያጭ ክፍል ቀርቧል። አልተቀበልኩትም። በዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርድ 21 መሠረት ዕቃው በተገዛበት ቀን ምንዛሪ ይመዘገብና እዚያው ይቆያል፤ በየጊዜው በአዲስ ምንዛሪ የሚሰላው ዕዳው ብቻ ነው፤ ልዩነቱም በቀጥታ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይሄዳል። ስታንዳርዱን የምንከተለው ደስ ስላለን ሳይሆን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ስለሚያስገድደን ነው። የክር ዋጋ ከፍ ይበል ከተባለ፣ ቀጣዩን መለዋወጫ ስንት ብር እንደምንገዛው አስልቶ መወሰን የአስተዳደሩ ሥራ ነው። ለዚያ መጋዘን ያለውን ስፒንድል በመዝገብ ላይ ማስወደድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። የ2016 ሂሳብ ገና ስላልተፈረመ ኪሳራው ወደዚያው ዓመት ይመለስ፣ 2017ን በኪሳራ አንጀምር ተብሏል። ሰኔ 30 ቀን ምንዛሪው 58.60 ነበር፤ ያን ዕለት ዕዳችንን ብንከፍል የምንከፍለው በዚያ ዋጋ ነበር። ለውጡ የመጣው ዓመቱ ከተዘጋ ከ22 ቀን በኋላ ነው። ስታንዳርድ 10 ከመዝጊያ ቀን በኋላ የመጣን ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥ ቁጥር የማያስተካክል ክስተት ይለዋል። የ2016 ቁጥሮች አይነኩም፤ ነገር ግን ለውጡና በእኛ ላይ ያስከተለው ኪሳራ በሂሳቡ ማብራሪያ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ረቂቁን አዘጋጅቼ ለኦዲተሮቹ ልኬያለሁ።

አንድ ጥፋት የእኔ ነው። የሐምሌ ወር የውስጥ ሪፖርት ሲወጣ ይህን ዕዳ በአዲሱ ምንዛሪ አላሰላሁትም። በዚህ ምክንያት ነሐሴ ላይ ያዩት ትርፍ ከእውነቱ የበዛ ነበር። የነሐሴው ሪፖርት ተስተካክሎ ይቀርብልዎታል፤ የሐምሌውን እባክዎ አይጠቀሙበት።

ቀረጥና ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል እስከ ኮምቦልቻ የተከፈለው የየብስ ማጓጓዣ በዚህ መግለጫ አልተካተቱም። የዕቃው ወጪ አካል ሆነው በራሳቸው ቫውቸር ተመዝግበዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዙ፦ ዋናው ኢንቮይስ፣ የጭነት ሰነድ ቅጂ፣ የተፈረመው ድራፍት፣ የሁለቱም ክፍያዎች የባንክ ማስታወቂያ፣ የሰኔ 13 እና የሰኔ 30 የባንኩ የመሸጫ ምንዛሪ ዝርዝር። ግብር መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመስከረም 8ቱን የዴቢት ማስታወቂያ ስለሆነ ዋናውን እኔ ዘንድ አስቀርቼ ቅጂውን አያይዣለሁ።

በዶላር የምንከፍለው ሌላ አንድ ድራፍት ቀርቶናል፤ 7,500 ዶላር፣ መክፈያው ኅዳር 3 ቀን። ከክር ኤክስፖርት ያገኘነው ዶላር በሂሳባችን ላይ አለ። ወደ ብር ከመቀየሩ በፊት ይህን ያህሉ ለድራፍቱ እንዲያዝ ትእዛዝዎን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

የሂሳብ ክፍል ኃላፊ
ፊርማና ማኅተም አለው