የአዲስ ተሿሚ ምክትል ርዕሰ መምህር የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ፣ 2018 የትምህርት ዘመን

የዕቅዱ ባለቤት፦ የመማር ማስተማር ምክትል ርዕሰ መምህር፣ 1ኛ–8ኛ ክፍል
የሥራ ልምድ፦ 11 ዓመት የሒሳብ መምህርነት (5ኛ–8ኛ)፤ በዚህ ኃላፊነት ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ
ደጋፊዎች፦ ርዕሰ መምህርቷ እና የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ
ጠቅላላ ጊዜ፦ 60 ሰዓት፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ

የተነሣሁበት ሁኔታ

በመስከረም ወር ስድስት ክፍለ ጊዜ ገብቼ ተመልክቻለሁ። ማስታወሻዬን ከሱፐርቫይዘሩ ጋር መልሰን ስናነበው የጻፍኩት በአብዛኛው ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀምና ስለ መቀመጫ አደረጃጀት ነበር። ተማሪዎቹ ምን እንደተረዱ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ አገኘን። የራሴን ክፍል ማስተማር አውቃለሁ፤ የሌላውን መምህር ክፍል አይቶ የሚጠቅመውን ነገር መንገር ግን ገና አልተማርኩም። ስለዚህ የዚህ ዓመት ትልቁ ድርሻ የተመደበው ለዚህ ነው።

ግብ 1፦ መምህሩን የሚያሳድግ የክፍል ምልከታና ግብረ መልስ መስጠት (30 ሰዓት)

እስከ ግንቦት መጨረሻ 24ቱንም መምህራን ቢያንስ ሁለት ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ከእያንዳንዱ ምልከታ በኋላም በሁለት ቀን ውስጥ ከመምህሩ ጋር ተቀምጬ እወያያለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ስምንት ምልከታዎች ከሱፐርቫይዘሩ ጋር አብረን እናደርጋለን። ሁለታችንም ለየብቻ እንጽፋለን፤ ከዚያ እናነጻጽራለን። የምመዘግበው መምህሩ የጠየቀውን ጥያቄ፣ የመለሱትን ተማሪዎችና በ40 ደቂቃው ውስጥ አንድ ጊዜም ያልተጠሩትን ነው። በውይይቱ መጀመሪያ የሚናገረው መምህሩ ይሆናል፤ እኔ ከአንድ በላይ የማሻሻያ ሐሳብ አላቀርብም። አምስት ሐሳብ በአንድ ቀን የተቀበለ መምህር አንዱንም ወደ ክፍል ይዞ አይገባም፤ ይህን ከራሴ የመምህርነት ዘመን አውቀዋለሁ።

የ7ኛ ክፍል አንድ ምድብ ሒሳብ ማስተማሬን እቀጥላለሁ። መምህራን በወር አንድ ጊዜ ገብተው እኔን ይመለከታሉ፤ የሚሰጡኝን አስተያየትም በጽሑፍ አስቀምጣለሁ።

ከርዕሰ መምህርቷ ጋር የተስማማንበት አንድ ነገር አለ፦ የእነዚህ ምልከታዎች ማስታወሻ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ነጥብ አይውልም። መምህሩ እየተፈተነ መሆኑን ካመነ የሚያሳየኝ የተለማመደውን ትምህርት ብቻ ነው፤ የሚቸገርበትን አላይም።

*ማስረጃ፦* በቅጽ ብዛት አልመዘንም። በማህደረ ተግባሬ የማስቀምጠው የሦስት መምህራንን የመጀመሪያና የሁለተኛ ምልከታ ማስታወሻ ጎን ለጎን፣ ከሁለቱ ክፍለ ጊዜያት የተወሰዱ የተማሪ ደብተር ፎቶዎችን፣ መምህራኑ ምን እንደለወጡ በራሳቸው እጅ የጻፉትን ገጽና ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ያነጻጸርናቸውን ስምንት ማስታወሻዎች ነው። መምህራኑ ካልፈቀዱ ስማቸው አይጻፍም።

ግብ 2፦ የታችኛውን ክፍል ንባብ መረዳትና መደገፍ (20 ሰዓት)

ከ86ቱ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል በመስከረም በተደረገው አጭር የንባብ ምዘና 31ዱ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ይህ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳ ነው። እኔ ደግሞ ፊደል አስተምሬ አላውቅም። ስለዚህ ከመምከሬ በፊት እማራለሁ፦ በጥቅምትና በኅዳር በየሳምንቱ አንድ ቀን ልምድ ባላት የ1ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ክፍል ተቀምጬ ድምፅን ከፊደል፣ ፊደልን ከቃል እንዴት እንደምታያይዝ እከታተላለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከ2ኛ ክፍል መምህራን ጋር ለ31ዱ ልጆች በየቀኑ የ20 ደቂቃ ተጨማሪ ንባብ እናዘጋጃለን፤ በሳምንት አንዱን ቀን እኔ አስነብባለሁ።

በግንቦት ከ31ዱ ቢያንስ 20ዎቹ አጭር ዓረፍተ ነገር አንብበው ትርጉሙን መናገር ይችላሉ።

*ማስረጃ፦* የእነዚሁ ልጆች የመስከረም፣ የጥርና የግንቦት የንባብ መዝገብ፤ ከመምህርቷ ክፍል የያዝኩት ማስታወሻ።

ግብ 3፦ ከወላጆች ጋር መነጋገር (10 ሰዓት)

በገበያ ቀን የሚቀሩ ተማሪዎችን ከስም መጥሪያ ለይቼ፣ ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት ጋር አሥር ቤተሰቦችን በየቤታቸው እጎበኛለሁ። ማስረጃው የኅብረቱ ቃለ ጉባኤና የስም መጥሪያው የሁለቱ ወሰነ ትምህርት ንጽጽር ነው።

ጊዜውን ስለ መጠበቅ

ይህን ዕቅድ ሊያፈርስ የሚችለው የዕለት ሥራ ነው፦ የቀረ መምህር መተካት፣ የሥነ ምግባር ጉዳይ፣ አስቸኳይ ሪፖርት። ማክሰኞና ሐሙስ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለምልከታና ለውይይት ብቻ ተይዟል። በእነዚህ ሰዓታት የሚመጣውን ጉዳይ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ይቀበላል፤ ርዕሰ መምህርቷ ይህን ለመምህራን ስብሰባ አሳውቀዋል።

ግምገማ

ከደጋፊዎቼ ጋር ኅዳር 30፣ የካቲት 10 እና ሰኔ 5 እንገናኛለን። በየካቲቱ ግምገማ ከ24 በታች ምልከታ ከተመዘገበ፣ ወይም ማስታወሻዬ አሁንም ስለ ሰሌዳ ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ የግብ 3 ጉብኝት ወደ አምስት ቤተሰብ ይቀንሳል፤ የተረፈው ሰዓት ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ለሚደረግ ተጨማሪ የጋራ ምልከታ ይውላል። የንባቡ ሰዓት አይነካም።

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ሦስታችንም ተወያይተን ፈርመናል።