በወገብ ጉዳት ምክንያት ለስድስት ሳምንት ቀላል ሥራ እንዲሰጠኝ የቀረበ ማመልከቻ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከጥቅምት 17 እስከ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ቀላል ሥራ ላይ እንድመደብ ስለመጠየቅ

በቃሊቲው መጋዘን በዕቃ አውራጅነትና ደርዳሪነት እሠራለሁ። መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳለሁ 50 ኪሎ የስኳር ጆንያ ከመኪና ስቀበል ወገቤ ተጎድቷል፤ ጉዳቱም በዕለቱ በመጋዘኑ የአደጋ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በኤም አር አይ ምርመራ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ወደ ግራ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ እንደተጫነው ታውቋል። ቀዶ ሕክምና አላስፈለገም። የሕመም ፈቃዴ ጥቅምት 16 ያበቃል፤ ሐኪሙም ከጥቅምት 17 ጀምሮ ወደ ሥራ እንድመለስ፣ ነገር ግን ለስድስት ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ በጽሑፍ አዟል። ማስረጃው ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል።

ፈቃዱ እንዲራዘምልኝ አልጠየቅሁም። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ረጅም ጊዜ መተኛት የጀርባን ጡንቻ ያደክማል እንጂ አያድንም። መራመድ፣ መቆም፣ በልክ መንቀሳቀስ የሕክምናው አካል ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ብድን ለእኔም ለመጋዘኑም ይሻላል፤ የምጠይቀው የሥራው ዓይነት ለጊዜው እንዲለወጥልኝ ነው።

የተለመደው ሥራዬ ለምን እንደማይሆን በቁጥር ላስረዳ። አንድ ኤፍ ኤስ አር መኪና 50 ኩንታል ስኳር ይዞ ሲገባ 100 ጆንያ ነው። አራት ሆነን ስናወርድ ለአንድ ሰው 25 ጆንያ፣ ማለትም 1,250 ኪሎ ይደርሰዋል። በቀን ሁለት መኪና ከመጣ እጥፍ ይሆናል። ወገብን የሚጎዳው ደግሞ የጆንያው ክብደት ብቻ አይደለም። ከሰውነት ራቅ ተደርጎ የተያዘ ዕቃ ደረት ላይ ከተያዘው ይልቅ ወገብ ላይ በእጅጉ ይከብዳል። ዕቃ ይዞ ወገብን ማዞር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከመኪና ተቀብሎ ወደ ፓሌት ሲዞሩ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሌላም አለ፦ ሌሊት ስንተኛ ዲስክ ውኃ ስለሚስብ ጠዋት ያብጣል፤ ከእንቅልፍ በተነሳንባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ማጎንበስ ከቀኑ ሌላ ጊዜ ይበልጥ ይጎዳዋል። የእኛ ማራገፍ የሚጀመረው ደግሞ ከጠዋቱ 1፡00 ላይ ነው።

የማነሳው ክብደት በየሁለት ሳምንቱ ከፍ እንዲል ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጋር ተነጋግረናል። ከጥቅምት 17 እስከ 30 ከ5 ኪሎ የማይበልጥ፣ ያውም ከጉልበት በታችና ከትከሻ በላይ ያልሆነ። ከኅዳር 1 እስከ 14 እስከ 10 ኪሎ፤ 20 እሽግ ባለ ግማሽ ኪሎ ፓስታ የያዘ ካርቶን ማለት ነው፤ በሰዓት ከአሥር ጊዜ ባይበልጥ። ከኅዳር 15 እስከ 28 እስከ 15 ኪሎ። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከ18 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በስድስቱም ሳምንት አላነሳውም። ኅዳር 26 የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሙሉ ሥራ ልመለስ ወይስ አልመለስ የሚለውን ውሳኔ በማግስቱ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

በእነዚህ ሳምንታት ልሠራቸው የምችላቸው ሥራዎች መጋዘኑ ውስጥ አሉ። በር ላይ ቆሜ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ መቁጠርና ከመላኪያ ሰነዱ ጋር ማመሳከር፣ የዕቃ መግቢያና መውጫ ደረሰኝ መሙላት፣ ቢን ካርድ ማስተካከል፣ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡ ዕቃዎችን እየለዩ ምልክት ማድረግ። የመጨረሻው በተለይ በዱቄትና በዘይት ረድፎች ላይ ሰው አጥቶ የቆየ ሥራ ስለሆነ ሙሉ ሳምንት ሊያሠራ ይችላል። ታች የተደረደረውን ማየት ሲያስፈልግ እንዳላጎነብስ ጉልበቴን አጥፌ ቁጢጥ እላለሁ፤ ከላይ ላለው ግን መሰላል የሚወጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ቀላል ሥራ ሲባል ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ እንዳይመስል እጠይቃለሁ። ለዲስክ ረጅም መቀመጥም ጫና ነው። ከ30 ደቂቃ በላይ ሳልቀመጥ ብነሳና ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብራመድ፣ መጻፊያውም ቆሜ የምጽፍበት ክርን ከፍታ ያለው ጠረጴዛ ቢሆን ይበቃኛል። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ባዶ ፓሌቶችን ክርን ከፍታ እስኪደርሱ ደርቦ ጣውላ ማልበስ ይቻላል። ፎርክሊፍት ላይ እንዳልመደብም እለምናለሁ። ሸክም የሌለበት ቢመስልም ንዝረቱ በቀጥታ ወገብን ይመታል፤ ማታ የምወስደው የነርቭ ሕመም መድኃኒትም ጠዋት ድረስ ሊያደነዝዝ ስለሚችል ማሽን መንዳት ለሌሎችም ሠራተኞች አደጋ ነው። በእጅ የሚገፋውን የፓሌት ጋሪ ባዶውን ከሆነ መግፋት እችላለሁ፤ መጎተት ግን አልችልም፤ ሲጎትቱ ወገብ ይጠመዘዛልና።

የፊዚዮቴራፒ ቀኖቼ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 4፡00 ናቸው። በእነዚህ ቀናት 5፡00 ሰዓት እንድገባ እንዲፈቀድልኝ፣ የጎደለውንም ሰዓት ማታ ቆጠራ በሚደረግባቸው ቀናት እንድተካ እጠይቃለሁ።

ከሁሉም በላይ የምለምነው ይህ ምደባ በጽሑፍ ወጥቶ ለሦስቱም የፈረቃ ኃላፊዎች እንዲደርስና የሥራ ዝርዝሩ በመጋዘኑ ቢሮ እንዲለጠፍ ነው። ጉዳቱ የሚያገረሸው ሥራ በበዛበት ሰዓት «እስቲ ይህቺን አንዷን ብቻ ያዝልኝ» ሲባል ነው። ባልደረባ ሲቸገር እያየሁ እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ የጠየቀኝም ሰው በክፋት አይደለም፣ ሁኔታዬን ሳያውቅ ነው። ወረቀቱ ካለ ግን ለሁላችንም ይቀላል።

የመሠረታዊ ደመወዜ እንዳይነካ እጠይቃለሁ። የማራገፊያ አበል ግን በእነዚህ ሳምንታት ስለማላወርድ አልጠይቅም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ እንዳለበት ተደንግጓል፤ ጥያቄዬንም የማቀርበው በዚሁ መንፈስ ነው።

በመጨረሻም ለፈረቃ ኃላፊዎች የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ። በሥራ ላይ እግሬ ከዛለ፣ እግሬን ማንሳት ካቃተኝ፣ በጭኖቼ መካከል ከደነዘዘኝ ወይም ሽንቴን መቆጣጠር ካልቻልኩ ነርቭ በኃይል ተጭኗል ማለት ስለሆነ ነገ የሚባል ነገር የለውም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለብኝ። ተራ ሕመም ሲሆን ግን ለአሥር ደቂቃ በእግሬ ዞር ዞር ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ምላሹ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዓርብ ጥቅምት 14 ቢደርሰኝ ሰኞ ጠዋት የት እንደምቆም አውቄ እገባለሁ። ለመነጋገር ካስፈለገ በተባለው ሰዓት ቢሮ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ታደሰ ወ.
የመጋዘን ሠራተኛ፣ የመታወቂያ ቁጥር 0417

አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ፣ የኤም አር አይ ውጤት 1 ገጽ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ 1 ገጽ

ግልባጭ፦
ለመጋዘን ኃላፊ
ለሠራተኛ ማኅበር