ሐዋሳ ገብተሽ የስፌት ቤት ለመክፈት፦ በየወሩ ስንት ሪያል?

እህቴ፣

ባለፈው ስንደዋወል «ስንት ብቆጥብ ነው ገብቼ የራሴን ሥራ የምጀምረው?» ብለሽኝ ነበር። ይኸው ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ከጥር 2018 ደሞዝሽ ጀምሮ በየወሩ 550 የሳዑዲ ሪያል። ከየት እንደመጣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። አንዱ ቁጥር ሲነካ ሌላው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ራስሽ ማወቅ አለብሽ።

በመጀመሪያ የመመለሻው ወር። አንቺ ጥር 2020 ብለሻል፤ እኔ ወደ ሚያዝያ 2020 መጨረሻ ገፋሁት። የምትከፍቺው የተማሪዎች ዩኒፎርም ነው። ጥር ላይ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል። ጥር ገብተሽ ከከፈትሽ እስከ ክረምት ኪራይ እየከፈልሽ ቁጭ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ከገባሽ ግን ግንቦትና ሰኔን ቤት ታሰናጃለሽ፣ ፈቃድ ታወጫለሽ፣ ትምህርት ቤቶችን ታናግሪያለሽ። ሐምሌ ላይ ጨርቅ ትገዢና ነሐሴ ላይ ሥራው ይመጣል። አቶቴ አካባቢ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ሱሪ እስከ ደረት ተከምሯል፣ ወላጆች በር ላይ ደረሰኝ ይዘው ይጠብቃሉ፤ እሱ ደግሞ ጨርቅ አልቆበት ስልክ ላይ ነው። «ሐምሌ ላይ በጣቃ ብገዛ ኖሮ» ሲል ሰማሁት። ብሩ አልነበረውም። የአንቺ ሒሳብ ውስጥ የጨርቁን ገንዘብ ከስፌት መኪናው እኩል ያከበርኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወጪውን እንይ። ዋጋውን በዚህ ወር ፒያሳና መናኸሪያ አካባቢ እየዞርኩ የጠየቅሁት ነው።

ሁለት ባለ ሞተር የስፌት መኪና እያንዳንዱ 45,000፣ በድምሩ 90,000 ብር። አንድ ኦቨርሎክ 60,000። ካውያ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መቀስና ወንበር 30,000። የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራውን መኪና ለጊዜው ተዪው፤ ለሌላ ሰፊ እየከፈልሽ ታሠሪያለሽ። ቤቱ በወር 8,000 ነው፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል፣ 48,000። መብራት መዘርጋት፣ መደርደሪያ፣ ቀለምና ታፔላ 40,000። ፈቃድና የወረቀት ጉዳይ 12,000። እስከዚህ 280,000 ብር ነው።

ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ያቆመዋል። ከዓረብ አገር ተመልሰው ሱቅ ከፍተው በስድስት ወራቸው የዘጉትን አስቢያቸው። ዕቃው ሞልቶ ነበር፤ ያለቀው መንቀሳቀሻው ነው።

ስለዚህ ጨርቅ 100,000፣ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ 20,000። አንድ ሰፊ ትቀጥሪያለሽ፤ በወር 7,000 ሒሳብ የሦስት ወሩን 21,000 ይዘሽ ግቢ። ወላጆች ቀብድ ይከፍላሉ፣ ግን በቀብድ ላይ አልተማመንኩም።

ቀጥሎ የኑሮው። አንቺ የገባሽ ቀን ለእማዬ የምትልኪው 400 ሪያልም ይቆማል። ይህ በዛሬው ምንዛሪ 16,000 ብር ነው። ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ሥራው ራሱን እስኪችል የአንቺንና የእማዬን ኑሮ በወር 15,000 አድርጌ የስድስት ወሩን 90,000 አስገባሁ። ጠበብ ያለ ነው፣ ግን አብረን ነን፤ እኔም አለሁ። ለመግቢያሽ፣ ለስጦታና ለትርፍ ሻንጣ 40,000። ባዶ እጅሽን እንደማትገቢ አውቃለሁ፤ ግን ከዚህ እንዳያልፍ።

ጠቅላላው 551,000 ብር መጣ። ላልታሰበ አሥር በመቶ ስጨምርበት 606,000 ገደማ ይሆናል።

ይህን ወደ ሪያል ቀየርኩት። ሪያል ከዶላር ጋር ለአንድ ዶላር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ አይዋዥቅም። የሚንቀሳቀሰው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ ከመታወጁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሪያል 15 ብር ማለት ነው። እኔ አሁን ሪያሉን በ40 ብር ቆጥሬዋለሁ፣ ከባንኩ ትንሽ ዝቅ አድርጌ። 606,000 ለ40 ሲካፈል 15,150 ሪያል ነው። እስክትመጪ ዋጋ ስለሚጨምር 15 በመቶ ጨመርኩበት፤ 17,420 ሆነ።

እጅሽ ላይ 3,000 ሪያል አለ። እዚህ ባንክ ያለው 64,000 ብር ዛሬ 1,600 ሪያል ነው፤ ብሩ እስከዚያ ሊቀንስ ስለሚችል ግን 1,200 ብቻ ብዬ ያዝኩት። ሁለቱን ስቀንስ የሚቀርሽ 13,220 ሪያል ነው።

ከጥር 2018 እስከ ሚያዝያ 2020 ድረስ 28 ደሞዝ አለ። ለ28 ብናካፍለው 472 ይመጣል፤ ደስ የሚል ቁጥር ነው። እኔ ግን አላመንኩትም። አሠሪ ደሞዝ የሚያዘገይበት፣ የምትታመሚበት፣ ከቤት «ድረሽልን» የሚባልበት ወር ይኖራል። አራቱን ወር ጣልኩና ለ24 አካፈልኩት። 550 ያልኩሽ ከዚህ የመጣ ነው።

ይቻላል ወይ? ደሞዝሽ 1,400 ነው። ምግብና መኝታ በአሠሪዎችሽ ነው። ለእማዬ 400፣ ለካርድና ለራስሽ 150፣ ቁጠባ 550። 300 ሪያል ይተርፍሻል። እሱን ለድንገተኛ ያዢው። ዘመድ ሲደውል ከ300ው ስጪ፣ 300ው ካለቀ «የለኝም» በይ። እኔም ብሆን ብጠይቅሽ እንደዚሁ መልሺልኝ፤ አልቀየምሽም።

«በአንድ ዓመት ቀድሜ ብገባስ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ሚያዝያ 2019 ከሆነ 16 ደሞዝ አለ፤ ሁለት ወር ብንጥል 14። የዋጋ ጭማሪውን ወደ 8 በመቶ ዝቅ ባደርገውም በወር 870 ገደማ ይጠይቃል። አንቺ ጋ ያለው 850 ነው። ምንም ሳይተርፍሽ፣ ያውም ሳይበቃ። አትሞክሪው። ከ550ው ሒሳብ ሁለተኛውን የስፌት መኪና ብንቀንስ በወር 59 ሪያል ይቀልሻል፣ ግን የቀጠርሽው ሰው በምን ይሰፋል?

ገንዘቡን በብር አታጠራቅሚ። ደሞዝ በሚገባልሽ ካርድ ላይ በሪያል ይቀመጥ። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እዚህ ባንክም መክፈት ይቻላል፤ ምን ወረቀት እንደሚጠይቁሽ ሰኞ ሄጄ እጠይቅልሻለሁ። ወርቅ እንዳልሽው መጥፎ አይደለም። ግን የአንገት ሐብል ስትገዢ የእጅ ሥራውንም ትከፍያለሽ፣ ስትሸጪው ግን አይመለስልሽም። ከጓደኞችሽ ጋር ያለውን ዕቁብ ግን በዚህ ሒሳብ አታስገቢው። አንዷ በድንገት አገር ከገባች ዕጣሽ ይቀራል። የኮንትራት ማብቂያ ክፍያ ካገኘሽም እሰየው፤ እኔ አልቆጠርኩትም።

በየስድስት ወሩ ዋጋውን ዞሬ እጠይቅና ሒሳቡን እንደገና እሠራዋለሁ። የመጀመሪያው ሐምሌ 2018 ላይ ነው። ኦቨርሎክ ከ60,000 ዘሎ 80,000 ቢገባ ወዲያው እነግርሻለሁ፤ ሪያሉም ከጨመረ ላይጎዳሽ ይችላል።

ሁለት ነገር መልሺልኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሠራሽበት ኦቨርሎክ ባለ ስንት ክር ነበር? እዚህ የጠየቅሁት ባለ አራት ነው። ሁለተኛው፣ አሠሪዎችሽ አራት ወር ለማራዘም ይስማማሉ? እምቢ ካሉ ወሩም 550ውም ይቀየራል፤ ከጥር ደሞዝሽ በፊት ልወቀው።

ወንድምሽ፣ ሐዋሳ
ታኅሣሥ 2018