ለጠዋት አትክልት ሥራ፣ ዝግ ያሉ ሦስት ዘፈኖች

እነዚህን ያወጣኋቸው እጄ አፈር ውስጥ እያለ ነው። ዜማቸው ከትንፋሽ አይፈጥንም። ጥሩ ድምፅ አይጠይቁም፤ ማንጎራጎር ይበቃል። ስንኝ ከጠፋችሁ ያለፈውን ድገሙት፤ ተክሉ አይታዘብም።

ሲያጠጡ

ፀሐይዋ ወጣች ቀስ እያለች ከማዶ፣
ሌሊቱም ተነሣ ጤዛውን አውርዶ።
ማጠጫዬን ልሙላ፣ ጫማዬን ላውልቀው፣
አፈሩም ይወቀኝ፣ እኔም ልወቀው።

ቀስ በል ውሃዬ፣ ቀስ በል፣
ቅጠሉን አታርጥብ፣ ሥሩን ተከተል።

ቀትር ሳይደርስብን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣
ጠጣ ተክሌ ጠጣ፣ ቀስ ብለህ በእርጋታ።
ከላይ የቀረው ግን ወዲያው ይደርቃል፣
ጠልቆ የሰረገው ቀኑን ያዘልቃል።

ቀስ በል ውሃዬ፣ ቀስ በል፣
ቅጠሉን አታርጥብ፣ ሥሩን ተከተል።

ሲያርሙ

ይሄ ለሁለት ሰው ነው። አንዷ ከመደቡ ወዲህ፣ ሌላዋ ወዲያ ማዶ ቁጢጥ ብለው ይቀባበሉታል። መልሱ ቢዘገይ ችግር የለም፤ አረሙ እስኪነቀል መጠበቅ ነው።

— ምን ይዘሻል እህት ዓለም?
— አረም ነው፣ ከነሥሩ።
— እንዴት ወጣልሽ?
— ጠጥቶ ርሷል አፈሩ።

— ብትጎትቺውስ በደረቁ?
— ይበጠሳል ከአንገቱ።
— ታዲያ ይበጠሳ!
— ይመለሳል፣ አልሞተም መሠረቱ።

— ይቺን ትንሿንስ?
— እሷን አትንኪያት።
— አረም ብትሆንስ?
— ቅጠል ስትጨምር እንለያት።

— ትል አገኘሁ፣ ትል!
— መልሺው፣ አፈር አልብሺው።
— ምን ሊሠራልን?
— ያለ ዶማ ይቆፍራል፣ አትረብሺው።

ትሉ ጋ ሲደረስ አንዷ ትስቃለች፤ ዜማውም ይጠፋል። ይጥፋ።

ዘር ሲዘሩ

ይሄን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ በሉት። እኔ አንዳንዴ ከንፈሬን እንኳ አላንቀሳቅስም።

ትንሿን ዘር በስሱ፣ ትልቋን ጠለቅ፣
አፈሯን ጫን አድርጌ መዳፌን ለቀቅ።
መቼ ነው የምትወጪው ብዬ አልጠይቅሽ፣
እንቅልፍሽን ጨርሺ፣ ማንም አይነቅንቅሽ።

እሹሩሩ ዘሬ፣ እሹሩሩ ዘሬ፣
እኔም እዚሁ አለሁ፣ አልሄድም ዛሬ።

ጥላዬ አጠረ፣ ፀሐይ አናት ደረሰች፣
መኮትኮቻዬም አፈር እንደለበሰች
እዚሁ ትደገፍ፣ ልቀመጥ ከጎኗ፣
ንቧም አልቸኮለች፣ ገና ነው ቀኗ።

እሹሩሩ ዘሬ፣ እሹሩሩ ዘሬ፣
እኔም እዚሁ አለሁ፣ አልሄድም ዛሬ።