ጉዳዩ፦ ለፓተርን ቆራጭ ረዳት ሥራ ማመልከትን ይመለከታል

መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለስፌት ቤቱ ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ።

በቴሌግራም ያወጡትን ማስታወቂያ አይቼ ነው የምጽፍልዎ። ሕሊና ታደሰ እባላለሁ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቴክስታይልና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቴክስታይል ኢንጂነሪንግ በቅርቡ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ።

ትምህርቴ በዋናነት ጨርቅ ላይ እንጂ ቅድ ላይ አልነበረም። ቢሆንም እርስዎ የሚሠሩት በሸማ ነው። ሸማ ደግሞ ባሕርዩን ያላወቀ ሰው በመቀስ የሚደፍረው ጨርቅ አይደለም። ለዚህ ነው ላመለክት የወሰንኩት።

የመመረቂያ ሥራዬ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሲታጠብ ምን ያህል እንደሚገባ የሚያይ ነበር። ከተለያዩ ሸማኔዎች ጨርቅ ገዛሁ። በየጨርቁ ላይ 50 ሴንቲ በ50 ሴንቲ ካሬ በክር ምልክት አድርጌ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ እንደገና ለካሁ። አንዱ በድሩ በኩል 47 ሴንቲ ተኩል ሆኖ ወጣ፤ በማጉ በኩል ግን እምብዛም አልተነካም። የአንድ ሜትር ከሀያ ቀሚስ ቁመት በዚህ ሒሳብ ስድስት ሴንቲ ያጥራል ማለት ነው። ደንበኛዋ ይህን የምታውቀው ቀሚሱን ካጠበች በኋላ ነው፤ ተወቃሹ ደግሞ ቆራጩ ነው። ሁሉም ሸማ እኩል ስለማይገባ፣ ፓተርኑ ላይ ትርፍ ከመጨመር ይልቅ እያንዳንዱን ጨርቅ አስቀድሞ ማጠብ ይሻላል ባይ ነኝ። እርስዎ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ካለዎት መማር እፈልጋለሁ።

የጥለቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጥለት ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው። ቀሚሱ ክሎሽ ከሆነ ግን ጫፉ ጎበጥ ይላል። ጥለቱን በግድ ከጎባጣው ጋር ላስኪድህ ቢሉት ይሸበሸባል። የክፍል ፕሮጀክቴ ላይ ይህ ገጥሞኝ የቀሚሱን ጫፍ ቀጥ አድርጌ ተውኩት፤ ስፋቱን ከወገቡ ላይ በትንንሽ ፕሊቶች ያዝኩት። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሠርቼ ጥለቱን በእስክሪብቶ ሳልኩበት፤ የግራና የቀኝ ጎን ሲሰፋ ጥለት ከጥለት መግጠሙን ያየሁት በዚያ ነው። (አቡጀዲ ግን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ጠበቅ ያለ ጨርቅ ስለሆነ እንደ ሸማ አይላላም።) የዚያ ቀሚስ ፓተርንና ፎቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

የደረት፣ የእጅጌና የጉርድ መሠረታዊ ፓተርን በካርቶን እሠራለሁ። ፔንስ ከቦታ ቦታ ማዛወር፣ ሳይዝ ማሳደግና ማሳነስም ተምሬያለሁ። በኮምፒውተርም በጌርበር ሠርቻለሁ፤ ገና ፈጣን ነኝ ግን አልልም።

የተግባር ልምምዴን የሠራሁት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ የመቁረጫ ክፍል ነበር። ጨርቅ ተደራርቦ ተነጥፎ በማሽን ሲቆረጥ ቅንጣት ስህተት በሁሉም ንብርብር ላይ ይደገማል። ከመቁረጥ በፊት ሁለቴ መለካት የለመድኩት እዚያ ነው። ፋብሪካ ግን ልብሱን ለሳይዝ እንጂ ለሰው አይቆርጥም።

ሰውን ማየት የተማርኩት ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ከሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። የመጨረሻውን ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ረዳኋቸው። ጋሼ ፓተርን የሚባል አያውቁም፤ በጠመኔ ቀጥታ ጨርቁ ላይ ነው የሚቀዱት። ሰው በሩን ሲገባ ገና «የቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል» ይሉኛል። ስለካው ልክ ናቸው። እንደ እሳቸው የሚያይ ዓይን ገና የለኝም፤ ሜትር አያያዝና ልክ አመዘጋገብ ላይ ግን እንዲተማመኑብኝ እፈልጋለሁ።

ማስታወቂያው «የሁለት ዓመት ልምድ ቢኖር ይመረጣል» ይላል። እኔ ያን ያህል የለኝም። ከፈቀዱ ለጥቂት ቀናት ያለ ክፍያ መጥቼ ሥራዬን ይዩት። አቡጀዲ መቁረጥም ይሁን የድሮ ፓተርኖችን ማደራጀት፣ የሰጡኝን እሠራለሁ። የጥር ሠርግ ሥራ እየቀረበ ስለሆነ ቅዳሜን ጨምሮ፣ አስፈላጊ ሲሆንም አምሽቼ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። የምኖረው ከእህቴ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ለመመላለስ አይቸግረኝም።

ስለ ደመወዝ በአካል ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ለረዳት የሚከፍሉትን ቢነግሩኝ ከዚያ እንነሳለን።

ሲቪዬ፣ የትምህርት ማስረጃዬ ኮፒና የሦስት ልብሶች ፓተርን ከነፎቷቸው ተያይዘዋል። ስልኬ ሲቪዬ ላይ አለ። በማንኛውም ቀን ይደውሉልኝ፤ ስመጣ ራሳቸውን ፓተርኖቹንና የታጠቡትን የጨርቅ ናሙናዎች ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሕሊና ታደሰ