የፔቲ ካሽ ምዝገባ ማብራሪያ፦ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 22

ለ፦ ፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ከ፦ ጠቅላላ ሒሳብ
ቀን፦ ኅዳር 24

ይህ ማብራሪያ ፔቲ ካሹ ከተቋቋመበት ቀን አንሥቶ የወጡትን ሦስት ቼኮች የአመዘጋገብ ምክንያት የሚያሳይ ሲሆን፣ ከጆርናል ቫውቸሮቹ ጋር ተያይዞ በፋይል እንዲቀመጥ የተዘጋጀ ነው። በጥቅምቱ ቆጠራ የታየው የ45 ብር ጉድለትና በኅዳር የተፈቀደው የመጠን ጭማሪ ወደፊት በኦዲት ጊዜ ጥያቄ ማስነሣታቸው ስለማይቀር፣ ነገሩ ሳይረሳ በጽሑፍ ማስፈሩ ተመርጧል።

ማቋቋሚያ፣ ጥቅምት 1

የፔቲ ካሹ ቋሚ መጠን 3,000 ብር እንዲሆን ተወስኖ በገንዘብ ያዧ ስም ቼክ ተሠርቷል።

| የሒሳብ መደብ | ዴቢት | ክሬዲት |
|---|---|---|
| ፔቲ ካሽ | 3,000 | |
| በባንክ ያለ ገንዘብ | | 3,000 |

ገንዘቡ ከባንክ ወደ ሣጥን ተዛወረ እንጂ ገና ወጪ አልሆነም።

የመጀመሪያው መተኪያ፣ ጥቅምት 28

ገንዘብ ያዧ ከቁጥር 31 እስከ 46 ያሉትን 16 የወጪ ቫውቸሮች አያይዛ መተኪያ ጠይቃለች። የቫውቸሮቹ ድምር 2,550 ብር ስለሆነ በሣጥኑ ውስጥ 450 ብር መገኘት ነበረበት። ሆኖም በእርሷና በአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፊት ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ሁለት ባለ መቶ፣ ሦስት ባለ ሃምሳ፣ አምስት ባለ ዐሥርና አምስት የአንድ ብር ሳንቲሞች ብቻ ተገኝተዋል፤ ይህም 405 ብር ነው። ስለዚህ ጉድለቱ 45 ብር ሲሆን፣ ሣጥኑን ወደ 3,000 ለመመለስ የተሠራው ቼክ የቫውቸሮቹን ድምር ሳይሆን ከተቆጠረው ገንዘብ እስከ ቋሚው መጠን ያለውን ልዩነት፣ ማለትም 2,595 ብር ነው።

| የሒሳብ መደብ | ዴቢት | ክሬዲት |
|---|---|---|
| የጽሕፈት መሣሪያ | 640 | |
| የመጓጓዣ ወጪ | 815 | |
| የፖስታና የመልእክት ወጪ | 230 | |
| የጽዳት ዕቃ | 475 | |
| የመስተንግዶ ወጪ | 390 | |
| የጥሬ ገንዘብ ጉድለትና ትርፍ | 45 | |
| በባንክ ያለ ገንዘብ | | 2,595 |

በዚህ ምዝገባ ውስጥ ፔቲ ካሽ የሚለው ሒሳብ የለም፤ ቀርቶ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ ነው። የጆርናል ቫውቸሩ የመጀመሪያ ረቂቅ 2,595 ብሩን በሙሉ ለፔቲ ካሽ ዴቢት አድርጎ መጥቶ ስለነበር ተመልሷል። እንደዚያ ቢመዘገብ ኖሮ ሣጥኑ ውስጥ 3,000 ብር ብቻ እያለ ሌጀሩ 5,595 ብር ያሳይ ነበር፤ ከዚያም በላይ የወሩ ወጪ በዚያው መጠን አንሶ ትርፉ ያለአግባብ ከፍ ይል ነበር። ወጪው በመዝገብ የሚታወቀው መተኪያው በሚሠራበት ጊዜ ስለሆነ፣ ዴቢት የሚደረጉት ቫውቸሮቹ የሚናገሩላቸው የወጪ መደቦች ናቸው።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ 45 ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር መሆኑ የአኃዝ መዘዋወር እንዲጠረጠር አድርጓል። ቫውቸሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ቁጥር 39 የመጓጓዣ ክፍያ 105 ብር ይላል፤ ገንዘብ ያዧም ምናልባት 105ን 150 ብላ አንብባ ከፍላ ሊሆን እንደሚችል ገልጻለች። ልዩነቱ በትክክል 45 መሆኑ ግምቱን ያጠናክረዋል። ነገር ግን ቫውቸሩ በአኃዝም በፊደልም 105 ብሎ በተቀባዩ ፊርማ የጸና ሲሆን፣ ተቀባዩም ከዚያ በላይ መውሰዱን አላመነም። ስለዚህ የመጓጓዣ ወጪውን 860 አድርጎ ሒሳቡን በጸጥታ ማስታረቅ፣ ቀላል ቢመስልም፣ ሰነድ የሌለውን ወጪ መመዝገብ ይሆናል። ጉድለቱ በራሱ ስም የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘብ ያዧ ጉድለቱን ከራሷ ትክፈል የሚል ውሳኔ ቢሰጥ ኖሮ 45 ብሩ በወጪነት ፈንታ ከሠራተኛ ተሰብሳቢ ሆኖ ይመዘገብ ነበር፤ መጠኑ ትንሽና የመጀመሪያ ጊዜ በመሆኑ ግን በኃላፊው ፊርማ በድርጅቱ ወጪነት እንዲያዝ ተፈቅዷል። የፈቃዱ ቅጂ ከቆጠራው ቅጽ ጋር ተያይዟል።

ሁለተኛው መተኪያና የመጠን ጭማሪ፣ ኅዳር 22

ከቁጥር 47 እስከ 66 ያሉት ቫውቸሮች 2,815 ብር ደርሰዋል። ቀሪው 185 ብር ተቆጥሮ ልክ ተገኝቷል፤ በዚህ ጊዜ ጉድለትም ትርፍም የለም። የጥቅምቱ ገንዘብ እስከ ወሩ መጨረሻ ገደማ ሲበቃ የኅዳሩ ግን ቀድሞ በመሟጠጡና ለአነስተኛ ጥገና የሚከፈለው ወጪ አዲስ በመምጣቱ፣ ቋሚው መጠን ወደ 5,000 ብር ከፍ እንዲል በኅዳር 22 ተፈቅዷል።

ለሁለቱም ጉዳይ የተሠራው ቼክ አንድ ነው፤ 2,815 ለመተኪያ፣ 2,000 ለጭማሪ፣ በድምሩ 4,815 ብር። በአንድ ምዝገባ ማጠቃለል ስሕተት ባይሆንም፣ አንዱ ያለፈ ወጪን መተካት፣ ሌላው የሣጥኑን መጠን የሚለውጥ ውሳኔ ስለሆነ በሁለት ጆርናል ቫውቸር ተለይተዋል።

| የሒሳብ መደብ | ዴቢት | ክሬዲት |
|---|---|---|
| የጽሕፈት መሣሪያ | 520 | |
| የመጓጓዣ ወጪ | 1,140 | |
| የፖስታና የመልእክት ወጪ | 185 | |
| የጽዳት ዕቃ | 310 | |
| የጥገና ወጪ | 660 | |
| በባንክ ያለ ገንዘብ | | 2,815 |

| የሒሳብ መደብ | ዴቢት | ክሬዲት |
|---|---|---|
| ፔቲ ካሽ | 2,000 | |
| በባንክ ያለ ገንዘብ | | 2,000 |

ጭማሪው የተመዘገበው በልዩነቱ ብቻ ነው። አዲሱን መጠን አይቶ 5,000 ዴቢት ማድረግ የቀድሞውን 3,000 ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። አስቀድሞ በነበረው 185 ብር ላይ የ4,815 ብሩ ቼክ ተመንዝሮ ሲገባ ሣጥኑ 5,000 ሞልቷል፤ ሌጀሩም 3,000 ሲደመር 2,000 ብሎ እዚያው ይደርሳል።

ማመሳከሪያ

ከባንክ የወጣው በሦስቱ ቼኮች 10,410 ብር ነው። ከዚህ 5,000 ብር በፔቲ ካሽነት ይገኛል፤ 5,365 ብር በቫውቸር የተደገፈ ወጪ ነው፤ 45 ብር ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ጉድለትና ትርፍ ሒሳብ በዴቢት ይታያል። የሒሳብ ዓመቱ እስኪዘጋ ሌላ ጉድለት ወይም ትርፍ ቢኖር በዚሁ መደብ ተቻችሎ፣ የመጨረሻው ቀሪ ዴቢት ከሆነ ከልዩ ልዩ ወጪ፣ ክሬዲት ከሆነ ከልዩ ልዩ ገቢ ጋር ይቀርባል። በመዝጊያው ቀን ሣጥኑ ውስጥ ያልተተኩ ቫውቸሮች ካሉ ግን ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መተኪያ መሠራት አለበት፤ አለዚያ የዓመቱ ወጪ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

ከ31 እስከ 66 ያሉት ቫውቸሮች በሙሉ ለዳግም ክፍያ እንዳይቀርቡ «ተተክቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸዋል። ቀጣዩ ክፍያ ከቁጥር 67 ይጀምራል፤ ከዚያ ጀምሮ ገንዘብ ያዧ ገንዘቡን ከመስጠቷ በፊት ተቀባዩ መጠኑን ጮክ ብሎ እንዲያነብና እንዲፈርም ተስማምታለች።